ዋሌት ላይ የገባ ካርድ "Verification Required" ብሎ ሲቆም

«አዲስ አይፎን ገዝቼ የዴቢት ካርዴን አፕል ፔይ ላይ ስጨምር "Verification Required" ይለኛል። ኮዱን የሚልከው ደግሞ ወደ ተውኩት ስልክ ቁጥር ነው። ባንክ ስደውል ሌላ ካርድ እናውጣልሽ አሉኝ። ሰኞ አዲስ ሥራ እጀምራለሁ፣ ሜትሮም በስልኬ ልከፍል አስቤ ነበር። የደረሰበት ሰው አለ?»

ሰላም እህቴ። የደረሰበት ሰው እኔ አለሁልሽ። ከሁሉ በፊት ግን ካርዱን እንዳታስቀይሪ። እኔንም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ቅርንጫፍ ድረስ ሄጄ ወረፋ ጠብቄ፣ ያስተናገደኝ ልጅ ስልኬን እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ «ካርድህ ተበላሽቶ ይሆናል» አለና አሮጌውን ዘግቶ አዲስ በፖስታ እንዲላክልኝ አዘዘ። አዲሱ መጣ፣ ጨመርኩት፣ እዚያው ጽሑፍ ላይ ቆመ። በመሃል የመኪና ኢንሹራንሴ በድሮው ካርድ ቁጥር ሊቆርጥ ሞክሮ አልሆነለትም፣ «ሽፋንህ ሊቋረጥ ነው» የሚል ደብዳቤ ላከልኝ። ባንኩ ዘንድ ሄጄ ስናገር «እሱን ከኢንሹራንስህ ጋር ጨርስ» ተባልኩ። እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስልኩን ሲያስነካ እያየሁ የራሴን ማስነካት አቃተኝ። ከንዴቴ የተነሳ አፕል ስለ ደህንነት አሠራሩ ያወጣውን ሰነድ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛ ስደውል የባንኩን ሠራተኛ እኔው ነበርኩ የማስረዳው።

1. መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እወቂ። ካሜራው የካርዱን ቁጥር ሲያነብ ካርዱ የገባ ይመስላል፣ ግን ገና ነው። ስልኩ ቁጥሩን አመስጥሮ ለአፕል ይልካል፤ አፕልም ካርዱ የማን እንደሆነ ለይቶ፣ ቪዛ ከሆነ በቪዛ፣ ማስተርካርድ ከሆነ በማስተርካርድ በኩል ባንክሽን ይጠይቃል። የሚጠየቀው ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛው ለዚህ ካርድ ምን ምን መሞላት አለበት የሚል ነው፤ ከጀርባው ያለችውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር የሚጠይቅሽ ለዚህ ነው። ሁለተኛው ይህ ካርድ በስልክ እንዲሠራ ትፈቅዳላችሁ ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ካርዱን ከዚህ ስልክ ጋር የማሰር ሥራ ነው። ባንኮች መልሳቸውን በቀለም ነው የሚጠሩት። አረንጓዴ ከሆነ ያለ ምንም ጣጣ ይገባል። ቀይ ከሆነ ጨርሶ አይገባም። ቢጫ ከሆነ ግን «ካርዱ ደህና ነው፣ የጨመረው ሰው ባለቤቱ ለመሆኑ ግን ማረጋገጫ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። አንቺ ቢጫው ላይ ነሽ። ካርድሽ የተበላሸ ወይም የተዘጋ ቢሆን እዚህ ድረስ አይመጣም ነበር።

ባንኩ ቢጫ ያለው ምን አይቶ ነው? ከካርዱ ቁጥር ጋር ስለ ስልክሽ ጥቂት ነገር ይደርሰዋል፦ የስልኩ ስም፣ የስልክ ቁጥርሽ የመጨረሻ አራት አሃዞች፣ የአፕል አካውንትሽ ረጅም የግዢ ታሪክ ያለው መሆን አለመሆኑ። ሎኬሽን ክፍት ከሆነ ደግሞ ያለሽበት ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግቶ ይላካል። ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ዲሲም ሲጠጋጉ ሁሉም 39 ሰሜን፣ 77 ምዕራብ ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ 9 ሰሜን፣ 39 ምሥራቅ ትሆናለች። የቤትሽን በር አያውቁም፣ አህጉር መቀየርሽን ግን ያያሉ። ለእረፍት አገር ቤት ገብቶ የአሜሪካ ካርዱን አዲስ ስልክ ላይ የሚጨምር ሰው ቢጫ ቢበዛበት አይግረመው፤ የአሜሪካ ቁጥሩ እዚያ ካልሠራ ደግሞ ኮዱም አይደርሰውም።

እንግዲህ ያንቺን እዪው። ስልኩ አዲስ ነው፣ የሚላኩት አራት አሃዞች ያዲሱ ቁጥርሽ ናቸው፣ ባንኩ መዝገብ ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። አዲስ ካርድ ከነዚህ የትኛውን ይቀይራል? አንዱንም።

2. ቁጥርሽን አስተካክዪ፣ ግን «አስተካክለናል» ሲሉሽ አትመኚ። እኔ ዘንድ የተፈጠረው ይሄ ነው። ቅርንጫፉ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱ ቁጥሬ ይታየዋል፣ በባንኩ አፕም ያው አዲሱ ነው። ስልኬ ግን ኮዱን ወደ ድሮው ቁጥር ልላክ ይላል። ሁለታችንም የምናየው እውነት ነበር። ትናንሽ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች የደንበኛውን መዝገብ ራሳቸው ይይዙና የካርዱን ሥራ ለሌላ ኩባንያ ይሰጣሉ፤ ያ ኩባንያ ደግሞ ስልክ ቁጥርሽን በራሱ በኩል ይዞታል። አንዱ ጋ የተቀየረው ሌላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ቀላል መለያ አለው፦ ዋሌቱ ኮዱን የት ልላክ ብሎ ሲጠይቅ የቁጥሩን መጨረሻ ያሳያል። እሱን ከባንክሽ አፕ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዪ። ከተለያዩ ችግሩ እሱ ነው። አፕ ላይም የድሮው ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ቀይሪ። ከቀየርሽ በኋላ ግን በዚያው ደቂቃ አትሞክሪ፤ ቁጥር ተቀይሮ ወዲያው ካርድ ሲጨመር ሌባ የሚሠራውን ስለሚመስል፣ አንዳንድ ባንክ አዲስ ወደ ገባ ቁጥር ለጊዜው ኮድ አይልክም። ካርዱን አጥፍቶ መጨመር፣ አሁንም አጥፍቶ መጨመርም ጥርጣሬውን ያባብሳል እንጂ አይረዳም። ካርዱ ዋሌቱ ውስጥ እንደቆመ ይቆይ።

ስትደውዪ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ብቻ ደውዪ፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ ያገኘሽውን ቁጥር ተዪው። «ካርዴ አይሠራም» አትበያቸው፤ እሱን ሲሰሙ ነው አዲስ ካርድ የሚያዝዙት። «ካርዴ አፕል ፔይ ላይ ገብቶ ማረጋገጫ እየጠበቀ ነው፣ ማንነቴን አጣሩና ቶከኑን ክፈቱልኝ» በያቸው። እኔ ይህን ስላት ሴትየዋ ዝም አለችና «አንድ ጊዜ ቆይ» ብላ ወደ ካርድ ክፍል አሻገረችኝ። እዚያ ያለው ሰው የመጨረሻ ግብይቶቼንና አድራሻዬን ጠየቀኝ፣ እያወራን ስልኬ ላይ ካርዱ ተከፈተ። ለዚህ ነው እንግዲህ ካርድ ያስቀየሩኝ!

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የባንክሽን አፕ ከፍተሽ ካርዱ ያለበት ገጽ ላይ "Add to Apple Wallet" የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ሞክሪው። በይለፍ ቃልሽ ገብተሽ ከውስጥ ስለምትጨምሪ ባንኩ ማንነትሽን ቀድሞ አውቆታል፣ ብዙ ጊዜ ኮድ የሚባል ነገር ሳይመጣ ያልፋል። የኔ ባንክ ያኔ ይህ ቁልፍ አልነበረውም።

ቶከን የምለውን ካላብራራሁ ቀጣዩ ግልጽ አይሆንም። ባንኩ ሲፈቅድ ስልኩ ውስጥ የሚቀመጠው የካርድሽ ቁጥር አይደለም፤ ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ሌላ ቁጥር ነው። የካርዱ ዝርዝር ውስጥ "Device Account Number" ተብሎ መጨረሻው ይታያል። ከኋላ ሆኖ ይህ ቁጥር የየትኛው ካርድ እንደሆነ የሚያዛምደው የካርድ ኔትወርኩና ባንኩ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ካርድ ሲቀየር ብዙ ባንኮች ማዛመጃውን ወደ አዲሱ ካርድ ያዞሩታል፣ ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ያው ይቀጥላል። ለባለቤቱ ምቹ ነው። ለሌባም እንዲሁ።

ጎረቤቴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ያ የኢዚ ፓስ ዕዳ አለብሽ የሚል የሐሰት ቴክስት እዚህ አካባቢ ያልደረሰው ሰው የለም። ከፍታ ካርዷን ሞላች፣ ገጹ «ባንክሽ የላከውን ኮድ አስገቢ» አላት፣ አስገባች። መልእክቱን ብታነበው ኮዱ ካርድ ዋሌት ላይ ለመጨመር እንደሆነ ይናገር ነበር፤ እሷ ያየችው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሌባው በዚያች ኮድ ቢጫዋን አልፎ ካርዷን ራሱ ስልክ ላይ አስገባው። ካርዷ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ የማታውቀው ሱቅ ውስጥ ጊፍት ካርድ ይገዛባታል። ባንኳ ካርዱን ዘግቶ አዲስ ሰጣት፣ መቆረጡ ግን አላቆመም። እኔ ነኝ እንደገና አስደውዬ «ከዚህ ካርድ ጋር የታሰሩትን ስልኮች ሁሉ ዘርዝሩልን፣ የኛ ያልሆነውን ቶከን አጥፉ» ያስባልኳት። የዚያን ዕለት ቆመ። አንቺም ኮዱ ሲመጣልሽ ዋሌቱ ላይ ራስሽ ጻፊው፤ ደውሎ አንብቢልኝ የሚል ሰው ባንክ አይደለም።

ከተከፈተልሽ በኋላ ካርዱ መዘጋጀቱን የሚገልጽ ማሳወቂያ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ ታገሺ። የስልኩን ፓስኮድ ካጠፋሽ ካርዶቹ ከዋሌቱ ይወጣሉ፣ ጉዳዩ ሁሉ ከአንድ ይጀምራል። ሌላው፣ ይህን እንደ ካሸር ነው የምነግርሽ፣ ደረሰኝ ላይ የሚወጣው አራት አሃዝ ከፕላስቲኩ ጋር አይመሳሰልም፤ የስልኩ ነው። ዕቃ ስትመልሺ ካርዱን ሳይሆን ያንኑ ስልክ ይዘሽ ነይ። ደንበኛ በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደጮኸብኝ አትጠይቂኝ።

ሜትሮውም ላይ ያው ነገር አለ። ከግንቦት 2025 ጀምሮ የባንክ ካርድና ስልክ በሩ ላይ ይቀበላል፣ ግን ስልክሽና ፕላስቲኩ ለበሩ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ናቸው። በስልክሽ ከገባሽ በስልክሽ ውጪ። ሰኞ ድረስ ካልተከፈተልሽ በፕላስቲኩ ግቢ፣ በፕላስቲኩ ውጪ፤ ኮዱ ባቡር ውስጥ እያለሽ ቢመጣም መውጫው ላይ ስልኩን ለመሞከር አትቸኩዪ።