መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ቁምሳጥኑን ክፈቱ

ለወጣት ነርሶች፣

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ማስተርሷን ልትማር ነው። «ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ፤ ዛሬውኑ ላስገባው ነው» አለችኝ። ሁለት ገጽ ነው። አንዱ ገጽ ተኩል ምስጋና። መጨረሻ ላይ «ሥራዬን በአግባቡ አስረክቤ እሄዳለሁ» የምትል አንዲት መስመር ጣል ተደርጋለች።

«ምን ምን ነው የምታስረክቢው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ያው ቁልፍ፣ ባጅ፣ ጋውን...»

ደብዳቤውን መለስኩላት። «ዛሬ ተረኛ አይደለሽ? ስትገቢ ከአንዷ ጓደኛሽ ጋር የናርኮቲክ ቁምሳጥኑን ክፈቱና ቁጠሩ። ከዚያ ነይ።» ያስገረማት ይመስለኛል። ስለ ደብዳቤ ልትጠይቅ መጥታ ስለ ሞርፊን ማውራቴ!

በማግስቱ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። መዝገቡ 14 አምፑል ሞርፊን ይላል። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያለው 13 ነው። ደግማ ቆጠረች፣ ጓደኛዋም ቆጠረች፤ ያው 13።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ማን ወሰደው?» የሚል ነው። አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው መድኃኒቱ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። መዝገቡን ከመጨረሻው መስመር ወደ ኋላ እየሄዳችሁ፣ እያንዳንዱን ወጪ ከበሽተኛው ቻርት ጋር አስተያዩ። ቻርቱ ላይ ተሰጥቶ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ካለ እሱ ነው። እሷም እንዲሁ ስታደርግ ቻርት ላይ አንድ 10 ሚሊግራም አገኘች፤ ከሦስት ቀን በፊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። መዝገቡ ላይ የለም። ቻርቱ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። ያን ሌሊት መርፌውን ሰጥታ ሳትጨርስ ሌላ አልጋ ላይ ደም የሚፈሰው በሽተኛ ጠርቷት ሮጣለች። በቃ፣ በዚያው ተረሳ።

እኔን የከነከነኝ ግን መርሳቷ አይደለም። ማንም ይረሳል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ በየተራው ርክክብ ላይ ሁለት ሁለት ሰው «14» ብሎ ፈርሟል። እነዚያ ሁሉ ቁምሳጥኑን አልከፈቱም። ከላይ ያለውን ቁጥር ገልብጠው ነው የፈረሙት። እሷ ብትሄድና ተተኪዋ ከወር በኋላ ብትቆጥር ኖሮ፣ የምትጠየቀው ተተኪዋ ነበረች።

እርማቱ ራሱ ወግ አለው። የቆየው መስመር አይሰረዝም፣ በመስመር መሃልም አይሰገሰግም። አዲስ መስመር ላይ፣ በዛሬ ቀን፣ «በዚህ ሌሊት በዚህ ሰዓት ተሰጥቶ ሳይመዘገብ የቀረ» ተብሎ ይጻፋል። እሷ ትፈርማለች። ጓደኛዋ ደግሞ የምትፈርመው ለቆጠራው ብቻ ነው። ሲሰጥ ስላላየች «ሲሰጥ አይቻለሁ» ብላ መፈረም የለባትም። ይህን ብዙ ሰው ለጓደኛ ሲል ያበላሸዋል። ከዚያ ለሄድ ነርሷ ያኔውኑ ይነገራል። ደግነቱ የተሰጠው ሙሉ አምፑል ነበር። ግማሹ ተሰጥቶ ግማሹ ተደፍቶ ቢሆን፣ ሲደፋ ያየ ምስክር የት ይገኛል?

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ «በአግባቡ አስረክባለሁ» የምትለው መስመር ራሷ ተለወጠች፤ ምን እንደምታስረክብ አውቃለቻ። ከቁምሳጥኑ ሌላ አንድ ነገር ጨመረች። ብዙ ጊዜ ከመተኛት የተነሳ መቀመጫው ላይ የቆሰለ በሽተኛ አላት፤ ለሳምንታት ቁስሉን የምታጥበው እሷ ናት። የርክክብ ደብተሩ ላይ «እየዳነ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ለተተኪዋ ይህ ምን ይነግራታል? የዛሬ ሳምንት 6 በ4 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ዛሬ 5 በ3 ሆኗል ብትል ግን፣ ቀጣዩ መለኪያ ሲያድግ ያኔውኑ ይታወቃል። ጋዙ ስለሚጣበቅ በሳላይን ሳይርስ አይነሳም፤ የሚዋጥ ማስታገሻውን ቀደም ብሎ ካልወሰደ አያስነካም። እነዚህ ቻርት ላይ የሉም። እሷ እጅ ላይ ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሄደው ወደ ርክክብ ደብተሩ ነው። ደብዳቤው ላይ የበሽተኛ ስምም ሆነ ሕመም አይጻፍም። ደብዳቤው የሰው ሀብት ፋይል ውስጥ ገብቶ ስንት እጅ ያየዋል።

የቀረው ቀላል ነው። ቀኑን ተጠንቀቁ። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት እንደሆነ ውላችሁ ላይ እዩ፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ገቢ ከሆነበት ቀን ስለሚሆን ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ። የመጨረሻ ቀናችሁ የሌሊት ተራ ከሆነ ማለቂያው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ እሱን ጻፉ። የትምህርት ፈቃድ የሚሰጥ ቤት ከሆነ ደግሞ መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። የቅበላ ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ ማስገባትማ አይታሰብም።

ምስጋናውን አሳጥረን ሁለት ነገር ብቻ አስቀረን። ቅሬታም ነበራት፤ ስለ ተረኛ ፕሮግራም። እሱን ለሄድ ነርሷ በአፍ ነገረቻት። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ፤ ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለዋርዱ ሄድ ነርስ።

የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ስለምጀምር ሥራዬን እለቃለሁ። የመጨረሻ ተራዬ ከታች በጻፍኩት ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ያበቃል።

አዲስ ሆኜ ስመጣ አንድ ወር ሙሉ አብረውኝ ለቆሙት፣ በሽተኛ ሲበዛብኝ ከራሳቸው ዋርድ ተነስተው ላገዙኝ ባልደረቦቼ ምስጋናዬ ጥልቅ ነው።

ከመሄዴ በፊት ከተተኪዬ ጋር ሦስት ተራ አብሬ እንድሠራ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው የቁስል በሽተኞችን አብረን እናያለን፤ በሁለተኛው እሷ ስትሠራ እኔ አያለሁ፤ በሦስተኛው የናርኮቲክ መዝገቡንና የኢመርጀንሲ ትሮሊውን ቆጥረን ተፈራርመን ቁልፉን እሰጣለሁ። ከሄድኩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ስለ ዕቃና መዝገብ በስልክ ብጠየቅ እመልሳለሁ።»

«ስለ ዕቃና መዝገብ» የሚለውን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ስለማንኛውም ነገር» ነበር ያለችው። የለቀቀች ነርስ ያላየችውን በሽተኛ በስልክ አታክምም። ተተኪዋም ከጎኗ ያለውን ሐኪም ትታ እሷን መጥራት ከለመደች ለበሽተኛው አደጋ ነው።

የጠየቀችው ሦስት ተራ ግን ሁለት ብቻ ተፈቀደላት፤ ሰው የለም ተባለ። እሷም የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር አጠፈችው እንጂ ቆጠራውን አልነካችውም። በመጨረሻው ጠዋት ሁለቱም ቁምሳጥኑ ፊት ቆመው ነበር። መዝገቡ 9 ይላል። ተተኪዋ አንድ በአንድ እያነሳች ጮክ ብላ ቆጠረች። 9። ከዚያ ፈረሙ፣ ቁልፉም እጅ ቀየረ።