«ፎርማሊቲ ነው» የተባለው የዋስትና ፎርም ምን ያስከፍላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ከአንድ የብድር ተቋም 400,000 ብር ሊበደር ነው። በሦስት ዓመት የሚከፈል ነው። «ዋስ ሁኚኝ» ብሎ ፎርም ሰጥቶኛል። «ፎርማሊቲ ነው፤ መኪናዬንም አስይዣለሁ፤ መጀመሪያ የሚነኩት እኔን ነው» ይላል። ከእኔ ሌላ አንድ ዋስ አለ። ባልደረባዬ ባይከፍል ቢበዛ ግማሹን ነው የምጠየቀው ብዬ ነበር። ፎርሙ ግን «ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ከሥሩም ብዙ ነገር ተጽፏል። ባለቤቴን ገና አላማከርኩትም። ልፈርም?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን አለመፈረምዎ ጥሩ ነው። ፎርሙን ይዘው ይቀመጡና አብረን እንየው።

ከጠቀሷት ሐረግ ልጀምር። ባልደረባዎ የነገሩዎት ነገር ሁሉ በእሷ ይፈርሳል። ሕጋችን ሁለት ዓይነት ዋስ ያውቃል። አንደኛው ተራ ዋስ ነው። ተራ ዋስ አበዳሪው ሲከሰው «ቆይ፣ መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ጠይቅ፣ ያስያዘውንም ሽጥ» ማለት ይችላል። ይህን መከራከሪያ ግን ክሱ እንደደረሰው ወዲያውኑ ማንሳት አለበት። ዘግይቶ ቢያነሳው አይጠቅመውም።

ሁለተኛው ከባለዕዳው ጋር በአንድነት የተገደደ ዋስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1933 የሚናገረው ስለዚህኛው ነው። «በአንድነትና በነጠላ» ወይም ያንኑ የሚያመለክት ቃል ከተጻፈ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። የተያዘውን መኪና እስኪሸጥ የመጠበቅ ግዴታም የለበትም። ስለዚህ መኪናው መኖሩ ወለዱ ሲጠራቀም እርስዎን ከክስ አያድንም። በኋላ ዕዳውን ከፍለው ሲጨርሱ ግን ይጠቅምዎታል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

አንዳንድ ፎርም ይህችን ሐረግ አይጽፍም። በምትኩ ወደ ታች ወረድ ብሎ «አበዳሪው አስቀድሞ የተበዳሪውን ንብረት እንዲጠይቅ በሕግ የተሰጠኝን መብት ትቻለሁ» ይላል። ውጤቱ ለእርስዎ ያው ነው። ስለዚህ አንዷ ሐረግ የለችም ብለው አይረጋጉ። «መብቴን ትቻለሁ»፣ «እንደ ዋና ባለዕዳ»፣ «በመጀመሪያ ጥያቄ እከፍላለሁ» የሚሉትንም ይፈልጉ።

አሁን ወደ ግማሹ እንምጣ። በቁጥር ብናየው ይሻላል። ባልደረባዎ ለአንድ ዓመት ያህል ከፍለው አቆሙ እንበል። ያልተከፈለው ዋና ገንዘብ 290,000 ብር ነው። የተጠራቀመው ወለድ 22,000፣ መቀጫው 8,000፣ የክስና የማስፈጸሚያ ወጪው ደግሞ 15,000 ብር ይሁን። ድምሩ 335,000 ብር ነው። እርስዎም ሌላኛው ዋስም በአንድነትና በነጠላ ከፈረማችሁ፣ አበዳሪው ከሁለታችሁ አንዳችሁን መርጦ 335,000ውን በሙሉ መጠየቅ ይችላል። ማንን ይመርጣል? ሀብታሙን ሳይሆን የሚገኘውን። ቋሚ ደሞዝና የሚታወቅ የባንክ ሂሳብ ያለው ሰው ለአፈጻጸም ይመቻል። እርስዎ ደግሞ ከነደሞዝዎና ከነመሥሪያ ቤትዎ ፎርሙ ላይ ተመዝግበዋል።

ግማሹ የሚመጣው ከከፈሉ በኋላ ነው። 335,000ውን የከፈሉት እርስዎ ብቻ ከሆኑ፣ ሁለታችሁ እኩል ኃላፊነት እንዳለባችሁ በማሰብ ከሌላኛው ዋስ 167,500 ብር መጠየቅ ይችላሉ። ከተበዳሪው ደግሞ ሙሉውን። ለአበዳሪው የነበሩት መብቶችና መያዣዎችም ወደ እርስዎ ይተላለፋሉ። መኪናው የሚጠቅምዎት እዚህ ላይ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ሁሉ እርስዎ በራስዎ ወጪ ከሳሽ ሆነው የሚያስመልሱት ነው። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ላይ ፍርድ ማግኘት አይከብድም። የሚከብደው ፍርዱን ወደ ገንዘብ መቀየር ነው።

ቀጥሎ የገንዘቡን መጠን የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ሕጉ እዚህ ላይ ለዋሱ ይቆረቆራል። ቁጥር 1922 ዋስትና በግምት አይወሰድም፣ በግልጽ መነገር አለበት ይላል። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው መጠን በውሉ ላይ ካልተጠቀሰም ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ፎርሙ ላይ የሆነ ቁጥር ይኖራል። ጥያቄው ቁጥሩ እውነተኛ ጣራ ነው ወይስ መነሻ የሚለው ነው።

ሁለት አጻጻፎችን እናነጻጽር። አንዱ «ወለድን፣ መቀጫንና ወጪን ጨምሮ በጠቅላላው ከ400,000 ብር ላልበለጠ» ይላል። ይህ ጣራ ነው። ሌላው «ለ400,000 ብር እንዲሁም ለወለዱ፣ ለመቀጫውና ለማናቸውም ወጪ» ይላል። ይህኛው ከላይ ክፍት ነው። ባልደረባዎ ገና በጅምሩ ቢያቆሙና ክሱ ቢጓተት፣ 385,000 ቀሪ ዋና ገንዘብና 75,000 ወለድ፣ መቀጫና ወጪ ተደምሮ 460,000 ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያው አጻጻፍ ከ400,000 በላይ አይጠየቁም። በሁለተኛው አበዳሪው 460,000 ይላል። እርግጥ ነው፣ ጠበቃዎ ቁጥር 1922ን ይዞ ከጣራው በላይ ያለውን መከራከር ይችላል። ግን «በጠቅላላው» የምትለዋን ቃል ዛሬ ማስጻፍ እያለ ነገ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገርም አለ። ተበዳሪው በከፈለ ቁጥር የእርስዎ ጣራ አብሮ አይወርድም። 100,000 ቢከፍል ጣራዎ 300,000 ሆነ ማለት አይደለም። የሚቀንሰው ዕዳው ነው። በዚህኛው ብድር ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማዎት ይሆናል፤ ከዕዳው በላይ አይጠየቁምና። ልዩነቱ የሚሰማው ቀጥሎ የምነግርዎት አንቀጽ ፎርሙ ውስጥ ካለ ነው።

እኔ ፎርም ሲመጣልኝ በቅድሚያ የምፈልገው «ተበዳሪው ለተቋሙ አሁን ያለበትን ወደፊትም የሚኖርበትን ማናቸውንም ዕዳ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ካለ ዋስ የሆኑት ለብድሩ ሳይሆን ለሰውየው ነው። ባልደረባዎ ይህን ብድር ጨርሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ተቋም ሌላ ቢበደሩ፣ ተቋሙ ያንኑ የድሮ ፊርማዎን አውጥቶ ሊጠይቅዎት ይሞክራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ተሰርዞ በቦታው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር በተፈረመው የብድር ውል ለተሰጠው 400,000 ብር ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። የብድር ውሉ ገና ካልተፈረመና ቁጥር ካልወጣለት እስኪወጣለት ይጠብቁ። ለቁጥሩ ወይም ለገንዘቡ ባዶ ቦታ የተተወበት ፎርም ላይ ግን በምንም ተዓምር እንዳይፈርሙ።

በዚሁ መስመር «አበዳሪው ለተበዳሪው ጊዜ ቢያራዝም ወይም የአከፋፈሉን ሁኔታ ቢለውጥ ዋሱ አስቀድሞ ተስማምቷል» የሚል ሊኖር ይችላል። ሲያነቡት ደግነት ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባልደረባዎ ሲቸገሩ ሄደው ስድስት ወር ያስራዝማሉ። ወለዱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። እርስዎ ምንም ሳይሰሙ ዕዳው ያብጣል፤ የሚያውቁት የክስ መጥሪያ ሲደርስዎት ነው። ተቋሞች ይህን አንቀጽ ለማውጣት ብዙም ፈቃደኛ አይሆኑም። ለመጨመር ግን ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። ስለዚህ «ተበዳሪው ሁለት ተከታታይ ክፍያ ካጓደለ ወይም ጊዜ ከተራዘመለት ተቋሙ ለዋሱ በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃል» የሚል እንዲጨመር ይጠይቁ። በጊዜ ካወቁ ባልደረባዎን መያዝ፣ ሌላኛውን ዋስ መጥራት፣ አስፈላጊም ከሆነ ያጓደሉትን አንድ ሁለት ወር ከፍሎ መቀጫውን ማስቆም ይቻላል።

ባለቤትዎን በተመለከተ ነገሩ ከምክር ያልፋል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ ምንም አይደለም፤ ስለዚህ በተግባር ማንኛውም የብድር ዋስትና እዚህ ውስጥ ይገባል። ያልተስማማው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህን ማድረግ ያለበት ግን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ባያውቅም ግዴታው ከተገባ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አይችልም። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል ከሆኑ የዚያን ይዩ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ደብቄ ልፈርም፣ ቢከፋ ባለቤቴ ያስፈርሰዋል» ይላል። አልመክርም። ተቋሙ የጋብቻ ሁኔታዎን መጠየቁ አይቀርም፤ «ያላገባሁ» ብለው ከፈረሙ ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ያወቀ ባለቤትም የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ፎርሙን አሁን ባለበት ሁኔታ አይፈርሙ። ለተቋሙ የብድር ባለሙያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ «በጠቅላላው» የሚል ጣራ፣ የብድር ውሉ ቁጥር፣ የማሳወቂያው አንቀጽ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ያወጡልዎታል ብዬ አልጠብቅም። ካላወጡት ውሳኔዎን በ200,000 ሳይሆን በ400,000 ብር ላይ ያድርጉት። የተሰረዘና የተጨመረ ነገር ካለ ከጎኑ እርስዎም የተቋሙ ተወካይም ትፈርማላችሁ፤ የቃል ተስፋ አይቆጠርም። ዋስትና በጽሑፍ፣ በተዋዋዮቹ ፊርማና በሁለት ምስክሮች መሆን አለበት፤ ምስክሮቹ ሲፈርሙ እርስዎም እዚያው ይሁኑ። ሲወጡ የዋስትናውን ብቻ ሳይሆን የብድር ውሉንና የአከፋፈል ሰንጠረዡንም ቅጂ ይዘው ይውጡ። ወለዱና መቀጫው በመቶኛ ስንት እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እርስዎ በፈረሙት ወረቀት ላይ ሳይሆን እነዚህ ላይ ነው።