የቆመ ዕቃ፦ በቅናሽ ላራግፈው ወይስ ልያዘው? (ጥያቄና መልስ)

በልብስ ንግድ፣ በጅምላም በችርቻሮም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ቅናሽና መጋዘን ላይ ያላችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ቁጥር ይዛችሁ ኑ።

ጃኬት ሻጭ፦ ጋሼ፣ 200 ጃኬት ተርፎኛል። አንዱን በ100 ገዝቼ በ160 ስሸጥ ነበር። ወቅቱ አለፈ። አሁን በ85 የሚወስድ አለ። ከያዝኩት 8 ወር መጠበቅ አለብኝ። የመጋዘን ኪራይ ለአንድ ጃኬት በወር 2 ይደርሳል። ሌላው ዕቃዬ ሲዞር በወር 3 በመቶ ይተርፈኛል። ምን ይሻለኛል?

ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ ያንን 100 እርሳው። ሸጥክም ያዝክም ተመልሶ አይመጣም። የሚወዳደሩት ዛሬ የምታገኘው 85 እና ከ8 ወር በኋላ የምታገኘው ብቻ ናቸው።

ከ8 ወር በኋላ ደግሞ 160 ብለህ አትቁጠር። ያለፈ ወቅት ሞዴል ነው፣ አጠገቡ አዲስ ይሰቀላል። 130 እንበል። ሁሉም አይሸጥም። ከ10 ሰባቱ በ130 ቢሄድልህ፣ ሦስቱን መጨረሻ ላይ በ40 ትጥላቸዋለህ። አማካዩ 103 ነው። ከዚህ የ8 ወር ኪራይ 16 ይቀነሳል። 87 ቀረ።

አሁን ወደ ታሰረው ገንዘብ እንምጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የታሰረው የገዛህበት 100 አይደለም፤ ዛሬ እጅህ ሊገባ የሚችለው 85 ነው። 85ቱን አዙረህ በወር 3 በመቶ ካተረፍክና ትርፉንም መልሰህ ካዞርከው፣ በ8 ወር 107 አልፎ ወደ 108 ይጠጋል። 87ን ከ108 ጋር አስተያየው። በአንድ ጃኬት ወደ 20 ይጎድልሃል፤ በ200 ሲባዛ ከ4,000 በላይ ነው። መያዝ የሚያዋጣህ ከ8 ወር በኋላ 108ቱንና የኪራዩን 16 የሚሸፍን፣ በአማካይ ከ124 በላይ እንደምትሸጥ እርግጠኛ ከሆንክ ብቻ ነው። የዘንድሮውን ፍላጎት አይተሃል፣ እርግጠኛ ነህ? እኔ ብሆን ዛሬ እሸጣለሁ።

መልሱ ግን ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። መጋዘኑ የራስህ ቢሆንና ባዶውን ቢቀመጥ ኪራዩ ዜሮ ነው። ገንዘቡንም የምታዞርበት ዕቃ አጥተህ በወር 1 በመቶ ብቻ የሚያስገኝ ቦታ ብታስቀምጠው፣ 85ቱ 92 ይሆናል። ያኔ 103 ይበልጣል፣ ያዘው። ያው ጃኬት ነው፣ መልሱ ግን ተገለበጠ።

አዲስ ገቢ፦ ዕቃዬ አልሸጥ አለኝ። ልቀንስ ወይስ ልያዝ?

ምን ዕቃ? ስንት ነው? በሳምንት ስንት ይወጣል? ዛሬ በስንት የሚወስደው አለ? እነዚህን ጻፍና እንነጋገራለን።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦ ይቅርታ፣ ግን 100 አውጥቶ በ85 መሸጥ ኪሳራ ነው። መዝገብ ላይ ይታያል። እንዴት ይረሳል?

መዝገቡ ላይ ይታይ፣ አልከለከልኩም። ኪሳራው ግን የሚመጣው በሸጠ ቀን አይደለም። ዋጋው የወደቀ ቀን መጥቷል። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አይኤኤስ 2 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ክምችትን የወጣበት ዋጋና ተሸጦ የሚገኘው የተጣራ ዋጋ አስተያይተሽ በአነስተኛው መዝግቢ ይላል። ዛሬም የሚቀጥለው ወቅትም ተስፋው ከ100 በታች ከሆነ፣ ባይሸጠውም ዝቅ አድርገሽ መመዝገብሽ አይቀርም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦ እሱስ ልክ ነው። ግን ባንክ ብድር ሲጠየቅ የዘንድሮን ትርፍ ያያል። የወሩን ስሌት ብቻ አትዩ ለማለት ነው።

ይህ እውነተኛ ነጥብ ነው። ብድር ሊጠይቅ የተዘጋጀ ሰው አስቀድሞ ያማክርሽ።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴ፦ እኔ ሚስማርና ቆርቆሮ ይዤ ቆይቼ ሁልጊዜ አተርፋለሁ። ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቅናሽ ምን ያደርጋል?

ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። ሚስማር ፋሽን አያልፍበትም። ዋጋው ኪራዩና የታሰረው ገንዘብህ ትርፍ ከሚበሉብህ በላይ የሚጨምር ከሆነ ያዝ። ግን ተጠንቀቅ፤ ዋጋ ጨመረ ማለት አተረፍክ ማለት አይደለም። በድሮ ዋጋ ገዝተህ ዛሬ በውድ ብትሸጥ፣ መልሰህ የምትሞላውም በውድ ነው። ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ይህን አትሞክር፣ እርጥበት ከነካው ይጠጥራል።

ሱሪ ሻጭዋ፦ 300 ሱሪ አለኝ። በሳምንት 15 ይወጣል። ወቅቱ ሊያልቅ 8 ሳምንት ቀርቶታል። ምን ያህል ልቀንስ?

እንዲህ አስቢው። በዚህ አካሄድ 120 ይሸጣል፣ 180 ይተርፍሻል። ለመጨረስ በሳምንት 37 ወይም 38 መውጣት አለበት። ስለዚህ አሁኑኑ 20 በመቶ ቀንሺና ሁለት ሳምንት ቁጠሪ። ሽያጩ ወደ 38 ከተጠጋ አትንኪው። 22 ላይ ከቆመ ድጋሚ ቀንሺ፣ በዚህኛው ዙር ጠንከር አድርጊ። መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ግማሽ ዋጋ ከመጣል፣ ገና ገበያ እያለ 20 በመቶ መቀነስ ይረክሳል።

አንድ ነገር ደግሞ መደርደሪያውን እይ። መካከለኛው ቁጥር አልቆ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ብቻ ከቀረ፣ የሸቀጡ ዋጋ ከምታስቢው በታች ነው። ሰው ይለካል፣ ልኩን አያገኝም፣ ይሄዳል። እነዚህን ለይተሽ መጀመሪያ አውጪ። የተሟላ ቁጥር ያለውን ሞዴል ግን መያዝ ይቻላል።

ጫማ ሻጭ፦ ጋሼ፣ በ90 የገዛሁትን በ70 ከሸጥኩ አልከስርም?

ከላይ ተመልሷል። የገዛህበትን ዋጋ ከስሌቱ አውጣው። ዛሬ 70፣ ወይስ ነገ ስንት? እሱን ብቻ ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ የቅናሽ ሽያጭ ላይ ግብር እንዴት ይሰላል?

እሱን የሂሳብ ባለሙያ ጠይቅ፣ የኔ ሙያ አይደለም።

ሽቶ ሻጭዋ፦ እኔ ቅናሹን አልስማማበትም። አንድ ዓመት አራግፌ ደንበኞቼ ለመዱብኝ። አሁን ወቅቱ እስኪያልቅ ይጠብቁኛል። ሙሉ ዋጋ የሚከፍለኝ ጠፋ።

ጃኬት ሻጭ፦ እኔ ዘንድ ግን ቅናሽ የሚገዛው ሌላ ሰው ነው። የዘወትሩ ደንበኛዬ አይጠብቅም።

ሽቶ ሻጭዋ፦ ለጃኬት ሊሆን ይችላል። ሽቶ ሰው ያስቀምጠዋል፣ በቅናሽ ቀን ሦስት ጠርሙስ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ አይመጣም።

ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የምትናገሩት። የኔ ስሌት ውስጥ ይህ ጉዳት አልገባም፣ ለመለካትም ከባድ ነው። ደንበኛዋ መልሶ የሚመጣባት ሰው የተረፈውን ራቅ ባለ ሌላ ሱቅ ወይም ለጅምላ ገዢ ብትሰጥ ይሻላል፤ ያኔ ዋጋው ከሱቅ ቅናሽ ያንሳል። ስንት ያንሳል የሚለውን ገዢውን አናግረሽ ንገሪኝ፣ በዚያ ቁጥር አብረን እንሥራው።

ሽቶ ሻጭዋ፦ ነገ ደውዬ አመጣለሁ።