ከፒችትሪ ወደ ኦዱ ሲዛወሩ፦ የደንበኛና የዕቃ ዝርዝር እንዴት ይጸዳል?

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ቢሮው ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ መሸጫው ሶማሌ ተራ በሆነ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ድርጅቱ ፒችትሪ ከተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሒሳብን፣ ሽያጭንና መጋዘንን በአንድነት ወደሚይዘው ኦዱ ሊዛወር ስለሆነ የደንበኞችንና የዕቃዎችን ዝርዝር «አጽጂ» ተብያለሁ። ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጥቼ ድግግሞሹን መሰረዝ ጀምሬያለሁ፤ በትክክል እየሠራሁ መሆኔን ግን አላውቅም። ለወደፊትስ ሙያ ይሆነኛል ወይስ ተራ የጽሕፈት ሥራ ነው?

መልስ፦ መሰረዙን ለጊዜው ያቁሙና መጀመሪያ ያወጡትን ፋይል ምንም ሳይነካ ለብቻው ያስቀምጡት። ፒችትሪ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ እርስዎ ፋይሉን በሚያጸዱበት ሰዓት መሸጫው ላይ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ አዲስ ደንበኛ ይመዘገባል፣ መጋዘን ዕቃ ይገባል። ኦዱ ሥራ ሊጀምር ሲል ዝርዝሩ እንደገና መውጣቱ ስለማይቀር፣ በመጀመሪያው ፋይል ላይ የሰረዟቸው መዝገቦች ሁሉ ያን ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ፤ የትኛውን ለምን እንደሰረዙ የሚያስታውስ ሰውም ሆነ ወረቀት አይኖርም። ብዙ ድርጅቶች የማዛወሪያው ሳምንት ላይ ሌሊቱን ሲያነጉ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሊያዘጋጁት የሚገባው የማዛመጃ ሠንጠረዥ ነው። በፒችትሪ ያለ እያንዳንዱ ኮድ በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ይኖረዋል፤ ከጎኑም ውሳኔው ይጻፋል፦ ራሱን ችሎ ይቀጥላል፣ ወደ ሌላ ኮድ ይዋሃዳል ወይም አይዛወርም። ከዚያ አዲሱ ኮድ፣ ምክንያቱ፣ ውሳኔውን የሰጠው ሰውና ቀኑ ይከተላሉ። ለሁለት ዓመት ያልገዛና ሒሳቡ ዜሮ የሆነ ደንበኛ እንኳ ከሠንጠረዡ አይወጣም፤ «አይዛወርም» ተብሎ ይቀመጣል። ዝርዝሩ ዳግመኛ ሲወጣ በአሮጌው ኮድ ከሠንጠረዡ ጋር ያገናኙታል፤ ባዶ ሆነው የሚቀሩት ረድፎች በመሐል የተጨመሩት ብቻ ስለሚሆኑ የወራት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደገማል።

ወደ ደንበኞቹ ስንመጣ መጀመሪያ የሚታየው የቲን ቁጥር ነው። የእኛ አገር ቲን 10 አኃዝ ሲሆን ብዙዎቹ በሁለት ዜሮ ይጀምራሉ፤ ፋይሉ በቀጥታ በኤክሴል ሲከፈት እነዚያ ዜሮዎች ይጠፉና ቁጥሩ 8 አኃዝ ሆኖ ይቀራል። በ0911 የሚጀምረው ስልክም በዚሁ መንገድ 911 ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ፋይሉን ሁለቴ ተጭነው ከመክፈት ይልቅ በዳታ ማስገቢያው በኩል ያስገቡትና እነዚህን ዐምዶች ጽሑፍ ብለው ይምረጡ። ዜሮው አስቀድሞ ጠፍቶ ከሆነ በሌላ ዐምድ ላይ እንዲህ ይመለሳል፦

```
=TEXT(C2,"0000000000")
```

ይህ ቀመር ግን ማንኛውንም አጭር ቁጥር 10 አኃዝ አድርጎ ስለሚያሳይ ስሕተትንም ይሸፍናል። 8 አኃዝ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ዜሮው የጠፋበት ነው፤ 9 የሆነው ግን ሲጻፍ አንድ አኃዝ የተዘለለበት ሊሆን ስለሚችል ከደንበኛው ንግድ ፈቃድ ወይም ከቀድሞ የቫት ደረሰኝ ጋር ሳይመሳከር አይለፍ።

ቲኑ ከተስተካከለ በኋላ ተመሳሳዩን መፈለግ ይቻላል። ሁለት መዝገቦች አንድ ቲን ካላቸው ግብር ከፋዩ አንድ ነው፤ ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ መስመር ይጨመቃሉ ማለት አይደለም። አዳማና ሐዋሳ ቅርንጫፍ ያለው ጋራዥ በኦዱ አንድ ዋና ድርጅት ሆኖ ቲኑ `vat` በሚለው መስክ ይገባል፤ ቅርንጫፎቹ ከሥሩ የማስረከቢያ አድራሻ ይሆናሉ። ስም ብቻ ተመሳሳይ ሆኖ ቲን የሌለ እንደሆነ ግን በጣም ይጠንቀቁ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ በስምና በአባት ስም የሚገጣጠሙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሶማሌ ተራ ላይ ሁለት መሐመድ አሕመድ በዱቤ ሊወስዱ ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ አንዱ ፀሐይ በአንዱ መዝገብ «ጸሀይ»፣ በሌላው በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛሉ። ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ተጨማሪ ዐምድ ከፍተው ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይለውጡ። ዋናው ስም ግን ደንበኛው በንግድ ፈቃዱ ላይ እንደጻፈው ይቆይ።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። አንድ ጋራዥ በሦስት ኮድ ተመዝግቧል እንበል። በመጀመሪያው 48,500 ብር ዕዳ አለበት፤ በሁለተኛው 12,000 ብር ክሬዲት ይታያል፤ ሦስተኛው ዜሮ ነው። ሁለተኛውን «ስሕተት ነው» ብሎ የሚሰርዝ ሰው ደንበኛው በእርግጥ የከፈለውን 12,000 ብር ሰርዞበታል፤ ትክክለኛው ተሰብሳቢ ሒሳብ 36,500 ብር ሆኖ ሳለ ጋራዡ በአዲሱ ሥርዓት 48,500 ብር ይጠየቃል። ክፍያው በተሳሳተ ኮድ ተመዝግቦ ከሆነ ሒሳብ ክፍሉ እዚያው ፒችትሪ ላይ ያስተካክለው፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ እንደሆነ ይዛወር። እኔ የምመክረው ወሰን ይህ ነው፦ ስምን፣ ኮድንና አድራሻን የሚመለከተው በማዛመጃ ሠንጠረዡ ይፈታ፤ ገንዘብ የሚነካው በአሮጌው ሥርዓት በማስረጃ ይታረም። ቀሪው ዕዳም በአንድ ድምር ሳይሆን በየደረሰኙና በየቀኑ ይዛወር፤ አለበለዚያ የስድስት ወር ዕዳና የትናንቱ ዕዳ እኩል ይሆናሉ።

የዕቃው ዝርዝር ከዚህ ይከብዳል። በፒችትሪ ውስጥ «ኩሽኔታ 6205-2RS»፣ «6205 2RS»፣ «6205 ZZ» እና «6205» የሚሉ አራት ዕቃዎች አሉ እንበል። የሁሉም ልክ አንድ ነው፤ የውስጡ ቀዳዳ 25፣ የውጭው 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር። ይሁን እንጂ 2RS በሁለቱም በኩል በጎማ የተሸፈነ ሲሆን ZZ የብረት ክዳን ያለው ነው፤ ውኃና ጭቃ በሚነካው ቦታ አንዱ በሌላው አይተካም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ፋብሪካ ከሆኑ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ZZ ራሱን ችሎ ይቀጥላል፤ «6205» ብቻ የሚለው ምን እንደሆነ ደግሞ ኤክሴል ሊነግርዎ አይችልም። መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ ዕቃውን የሚያነሳው የመጋዘን ሠራተኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዳንዱ ኮድም በኤክሴል መልኩን ይለውጣል፤ «10-12» ቀን ይሆናል፣ «1E05» ደግሞ 100000 ይሆናል። የዕቃ ኮድ ዐምድም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ተብሎ መግባት አለበት።

አሁን ሁለቱን 2RS እናዋህድ። አንደኛው 60 ሲሆን የአንዱ ዋጋ 150 ብር ነው፤ ሁለተኛው 14 ሲሆን የአንዱ ዋጋ 1,500 ብር ነው። ብዛቱን ደምሮ 74 ማለት ይቀላል። ዋጋዎቹ ግን ይናገራሉ፤ አንዱ የሌላው ልክ 10 እጥፍ ነው። 14ቱ ባለ 10 ፍሬ ካርቶን ናቸውና በፍሬ 140 ይሆናሉ፤ ጠቅላላው 200 ፍሬ ነው። የሁለቱ ዋጋ 9,000 እና 21,000፣ በድምሩ 30,000 ብር ስለሆነ የአንዱ አማካይ 150 ብር ይወጣል። በ74 ቢመዘገብ ኖሮ የአንዱ ዋጋ 405 ብር ከ41 ሳንቲም ሆኖ፣ በ220 ብር የተሸጠ ኩሽኔታ ሁሉ ኪሳራ ያሳይ ነበር፤ 126 ፍሬም መደርደሪያው ላይ እያለ በሥርዓቱ አይታይም ነበር። ስለዚህ ከመዋሃዳቸው በፊት የተመሳሳይ ዕቃዎችን ዋጋ አካፍለው ይመልከቱ፤ ውጤቱ ወደ 10፣ 12 ወይም 24 ከተጠጋ መለኪያቸው ካርቶን፣ ደርዘንና ፍሬ ሆኖ ተደበላልቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ካርቶኑን ያስከፍቱ። ዕቃው በኦዱ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ መለኪያውን መቀየር በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ወደ ኦዱ ሲያስገቡ `id` በሚለው ዐምድ ለእያንዳንዱ ደንበኛና ዕቃ ከአሮጌው ኮድ የተሠራ ቋሚ መለያ ይስጡ። ያው ፋይል ታርሞ በድጋሚ ሲገባ ኦዱ በዚህ መለያ አማካይነት ነባሩን መዝገብ ያድሳል፤ መለያ ከሌለ አዲስ ይፈጥርና ያጸዱትን ድግግሞሽ ራስዎ መልሰው ያመጡታል። በመጨረሻም የረድፉ ቁጥር በውህደቱ ምክንያት ቢቀንስም ገንዘቡ መቀነስ የለበትም፤ የደንበኞች ቀሪ ድምር ከተሰብሳቢ ሒሳብ ጋር፣ የዕቃው ብዛት በዋጋው ተባዝቶ ከንብረት ሒሳብ ጋር በአንድ ቀን ትሪያል ባላንስ ላይ ይመሳከር። ልዩነት ካለ ሳይታወቅ አይታለፍ፤ በ«ልዩ ልዩ» ሒሳብ የሚዘጋ ልዩነት በኦዲት ጊዜ ጥያቄ ያስነሣል።

የሙያውን ነገር በተመለከተ፣ ረድፍ መሰረዝ ብቻ ከሆነ የጽሕፈት ሥራ ነው። ከላይ የተነገረውን የሚሠራ ሰው ግን ሒሳቡን፣ መጋዘኑንና ሶፍትዌሩን የሚያገናኝ ስለሆነ እንደ ኦዱ ያሉ የኢአርፒ ሥርዓቶችን የሚተክሉ ድርጅቶች በአማካሪነት የሚፈልጉት ዓይነት ሰው ነው። በሲቪዎ ላይ «ዳታ አጽድቻለሁ» ብለው አይለፉ፤ ስንት ኮድ ተቀብለው ስንቱን እንዳዋሃዱ፣ የማዛመጃ ሠንጠረዡን እንዴት እንዳቀዱና ድምሩ ከየትኛው ሒሳብ ጋር እንደተመሳከረ ይጻፉ። የደንበኞችን ስም፣ ስልክና ቲን የያዘ ፋይል ግን ለቃለ መጠይቅ ይዘው አይውጡ፤ ሠላሳ የሚያህሉ የፈጠራ መዝገቦች ያሉበት ናሙና ሠርተው ያሳዩ።

በዚህ ሳምንት ከኃላፊዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ስለ ደንበኛ ውህደት ሽያጭ ክፍሉ፣ ስለ ዕቃ ውህደት መጋዘኑ፣ ስለ ገንዘብ ሒሳብ ክፍሉ በስማቸው እንዲወስኑና እንዲፈርሙ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ማስረጃውን አቅርቦ ውሳኔውን መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ የመጋዘን ሠራተኛው በቀን አንድ ሰዓት ከእርስዎ ጋር መደርደሪያ ለመደርደሪያ እንዲዞር ነው፤ ከፍተኛ ገንዘብ ከያዙት ዕቃዎች ይጀምሩ።