የድምፅ ሣጥኑ ሲከፈት፦ ስለ ተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫም አስመርጫለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ የክፍል ፕሮጀክት የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ወላጆችም ብትሆኑ፣ ጠይቁኝ።

«መምህር፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው፤ 11ኛ ክፍል ነኝ። ቡድናችን ‹ዴሞክራሲያዊ ምርጫ በትምህርት ቤት› የሚል ርዕስ መርጦ ነበር፤ ሰፊ ነው ተብሎ ተመለሰብን። እንዴት እናጥብበው?»

አንድ ምርጫ ያዙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ከሣጥኑ የወጣው ወረቀት ለመራጮች ከተሰጠው ጋር ይገጥማል? ለዚህ የሚያስፈልጓችሁ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ የታተመው የድምፅ መስጫ ወረቀት ብዛት፣ ፈርመው የወሰዱ መራጮች ብዛት፣ ሳይታደል የቀረው ወረቀትና ከሣጥኑ የወጣው። ቃለ ጉባኤው ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካልያዘ፣ ያ ጉድለት ራሱ የፕሮጀክታችሁ ግኝት ነው።

ለምሳሌ ያህል 400 ወረቀት ታትሞ 372 ተማሪዎች ፈርመው ወሰዱ እንበል። በእጅ መቅረት ያለበት 28 ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ግን 374 ወረቀት ተገኘ። ብዙ አስመራጮች እዚህ ላይ «የቆጠራ ስህተት ነው» ብለው ያልፋሉ፤ እናንተ ግን ድጋሚ ተቆጥሮም 374 ከሆነ ወደ ቀሪው ወረቀት ሂዱ። ቀሪው 26 ከሆነ ሁለት ወረቀት ያለ ፊርማ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሰልፍ ሲበዛ ፊርማ ተቀባዩ ዘሎት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሰው ሁለት ወረቀት ወስዶም ሊሆን ይችላል። ቀሪው በትክክል 28 ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ሁለቱ ወረቀቶች ከታተሙት ውስጥ አይደሉም፣ ከውጭ የገቡ ናቸው። እያንዳንዱ ወረቀት ከመታደሉ በፊት ጀርባው ላይ ማኅተምና የአስመራጩ ፊርማ እንዲያርፍበት የሚደረገው እንዲህ ያለው ወረቀት ተለይቶ እንዲታወቅ ነው።

ቀጥሎ ውጤቱን ተመልከቱ። አንደኛዋ 158፣ ሁለተኛው 149፣ ሦስተኛው 54 ድምፅ አገኙ፤ 13 ወረቀት ዋጋ አልባ ሆነ፤ ድምሩ 374 ይሆናል። በአንደኛዋና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 9 ስለሆነ፣ ሁለቱም አጠራጣሪ ወረቀቶች ለእርሷ የተሰጡ ቢሆኑ እንኳ በ7 ትመራለች። ስለዚህ ውጤቱ ይጸናል፣ ጉድለቱ ግን በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይደገም ባይ ነኝ።

«ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? እኛ ክፍል ውስጥ እጅ በማውጣት ነው የመረጥነው። ሁሉም እያየ ስለሚቆጠር ማጭበርበር አይቻልም።»

ስለ ቆጠራው ያልከው እውነት ነው፤ በአደባባይ የወጣን እጅ ማንም ሊጨምርበት አይችልም። የቀረህ የድምፅ ሰጪው ጉዳይ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን ከማውጣቱ በፊት ጓደኞቹ ወዴት እንዳዘነበሉ ዞር ብሎ ያያል፤ የክፍል ኃላፊው መምህርም ማን ማንን እንደመረጠ ያያሉ። ግልጽ መሆን ያለበት ቆጠራው ነው፣ ድምፁ ምስጢር ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር ድምፅ እንዲሰጥ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። ልዩነቱን በፕሮጀክት ማሳየት ከፈለግህ፣ ያው ክፍል በዚያው ጥያቄ ላይ አስቀድሞ በወረቀት፣ ከዚያ በእጅ ድምፅ ይስጥ። የእጁ ከቀደመ ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ስላወቀ የወረቀቱ ውጤት ይበላሻል።

«ከሣጥኑ የወጣው ከፈረሙት ቢያንስስ? እኛ ጋ አንድ ወረቀት ጎድሎ ማንም አልተጨነቀም።»

ብዙ ጊዜ አንድ ተማሪ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወጥቶ ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን የታወቀ ማጭበርበሪያም አለ። የመጀመሪያው ሰው ባዶ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ሳይከት ይዞት ይወጣል፤ ውጭ ያለው አደራጅ ምልክት አድርጎበት ለሚቀጥለው መራጭ ይሰጠዋል፤ መራጩ የተሞላውን ከትቶ የተሰጠውን ባዶ ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ይቀጥላሉ። መጨረሻ ላይ የሚታየው የአንድ ወረቀት ጉድለት ብቻ ሲሆን፣ የተገዛው ድምፅ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሣጥኑ ምልክት ከሚደረግበት ከለላ አጠገብ ይቀመጥ፣ አንድ አስመራጭም ወረቀቱ ሲገባ ቆሞ ይይ።

«ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ሕጉ 18 ዓመት እያለ ትምህርት ቤቱ ማስመረጡ ሕገ ወጥ አይደለም ወይ?»

አይደለም፣ እህቴ። 18 ዓመት የተባለው ለመንግሥት ምርጫ ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት በትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ የሚመራ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት ይሰጣቸዋል።

«እኛ በሁለት ፈረቃ ነው የምናስተምረው። የጠዋቱን ወዲያው ቆጥረን ብንለጥፈው ምን ችግር አለው?»

የከሰዓቱ ፈረቃ ማን እንደሚመራ እያወቀ ይመርጣል፤ የተሸነፈ የመሰለው ወገን ይቀራል፣ ሌላውም ወደ አሸናፊው ይጎርፋል። የጠዋቱ እንዳለቀ የሣጥኑን ቀዳዳ በወረቀት አሽጉና የዕጩዎች ወኪሎች ከነአስመራጩ እሽጉ ላይ ይፈርሙ፤ ቆጠራው ሁለቱም ፈረቃ ሲያልቅ በአንድ ላይ ይሁን። ሣጥኑ በመካከሉ የት እንደሚቀመጥም አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሰው ስለሚበዛበት ቁልፍ ያለውን የመጻሕፍት መጋዘን እመርጣለሁ።

«በምሳሌው ላይ ያለችው ልጅ 158 አግኝታ አሸነፈች ሲባል ገረመኝ። ከግማሽ በታች ናት'ኮ!»

አዎን፣ ዋጋ ካላቸው 361 ድምፆች ውስጥ ግማሹን ለማለፍ 181 ያስፈልጋት ነበር። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ከተሰጠው ድምፅ አብላጫውን ያገኘ እንዲመረጥ ስለሚል፣ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃል። ትምህርት ቤት በደንቡ ካልጻፈው በቀር ከዚህ ጋር የመሄድ ግዴታ የለበትም፤ ሁለቱን መሪዎች ለሁለተኛ ዙር ማቅረብ ይችላል። ያን ጊዜ የሦስተኛው 54 መራጮች ወሳኝ ይሆናሉ፦ 32ቱ ወደ ሁለተኛው፣ 22ቱ ወደ አንደኛዋ ቢያዘነብሉ 181 ለ180 ይሆንና ውጤቱ ይገለበጣል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ እኛ መምህራን ራሳችን አልተስማማንም፤ እኔ ሁለተኛ ዙርን እደግፋለሁ፣ ባልደረቦቼ ግን የትምህርት ሰዓት ይሻማል ይላሉ።

«እኔ የምክር ቤት ሰብሳቢ ነበርኩ። ምርጫው ንጹሕ ነበር፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰልፍ ከማስያዝ በቀር የሠራነው የለም። ደግሞ ከ80 በታች ያመጣ ዕጩ እንዳይሆን ተከልክሎ ነበር።»

ይህ ለራሱ ጥሩ ፕሮጀክት ይሆንልሃል። የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ተቀብለህ በእያንዳንዱ አጀንዳ ፊት ሦስት ነገር ጻፍ፦ ሐሳቡ ከተማሪ ነው የመጣው ወይስ ከአስተዳደር፣ ለማን ተላከ፣ በጽሑፍ ምን መልስ መጣ? የመጸዳጃ ቤት ውኃ ጥያቄ ቀርቦ መልስ ሳይመጣበት ከቀረ፣ ድክመቱ ከተመራጮቹ ላይ ሳይሆን ደንቡ ለአስተዳደሩ የመልስ ጊዜ ካለመወሰኑ ሊሆን ይችላል። ስለ ውጤት መስፈርቱ የሚጠየቀው መቼ እንደተጻፈ ነው። ከዕጩ ጥቆማ በፊት በደንብ ሰፍሮ ከነበረ ልንከራከርበት የምንችል ሕግ ነው፤ አንድ ልጅ ከተጠቆመ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን እርሱን ለማስቀረት የተበጀ ነውና በቃለ ጉባኤው ላይ ያለውን ቀን ከጥቆማው ቀን ጋር አስተያየው።