ገላን ወይስ ቦሌ?

«ፋብሪካችንም ሥራ አስኪያጁም ገላን ናቸው፤ ንግድ ምዝገባችን ግን ቦሌ ይላል። ዱከም ደግሞ መሸጫ አለን። በኩባንያው መግለጫ ላይ የቱን ልጻፍ?»

ሦስቱንም ይጻፉ፤ ግን በየስማቸው። የተመዘገበ አድራሻ የሚባለው በንግድ መዝገብ የሰፈረው ነው፤ በእናንተ ጉዳይ ቦሌ። የፍርድ ቤት መጥሪያም ሆነ የመንግሥት ደብዳቤ የሚላከው ወደዚያ ስለሆነ፣ ቢያንስ ተቀብሎ የሚያደርስ ሰው ይኑር። ዋና መሥሪያ ቤት ግን ውሳኔ የሚወሰንበት ቦታ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ክፍሉና ማኅተሙ ገላን ከሆኑ፣ በተግባር ዋና መሥሪያ ቤታችሁ ገላን ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የመመሥረቻ ጽሑፋችሁ «ዋና መሥሪያ ቤት፦ ቦሌ» የሚል ከሆነ፣ መግለጫው ገላን ሲል ባንክ ወይም የጨረታ ኮሚቴ ሁለቱን አስተያይቶ ማብራሪያ ይጠይቃል። ገላን ከአዲስ አበባ አስተዳደር ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ስለሆነ ልዩነቱ የክፍለ ከተማ ብቻ አይደለም። መዝገቡ እስኪሻሻል ድረስ «የተመዘገበ አድራሻ፦ ቦሌ፤ ፋብሪካና የአስተዳደር ቢሮ፦ ገላን» ብለው ቢጽፉ ይሻላል።

የዱከሙ መሸጫ ቅርንጫፍ ነው፤ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፣ ዕዳው የኩባንያው ዕዳ ነው። ስለዚህ «እህት ኩባንያ» ብለው እንዳያሳምሩት። ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ የሆነውንም መጋዘን ቅርንጫፍ አይበሉት።