ለዘመድ ዋስ ከመሆናችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በዘመድ መሀል ብድር ሲደረግ አበዳሪና ተበዳሪ ይነጋገራሉ። ዋሱ ግን መጨረሻ ላይ ይጠራና "እዚህ ጋ ፈርምልን" ይባላል። ውል ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነኝና ዛሬ ስለዚያ ፈራሚ ልጻፍላችሁ።

አጎት ለእህቱ ልጅ 120 ሺህ አበደረ እንበል። ልጁ በየወሩ 10 ሺህ ከዋናው እየከፈለ በ12 ወር ይጨርሳል። ወለዱ በወር 1 በመቶ ነው። ታላቅ ወንድሙ ዋስ ሆነ።

"በወር 1 በመቶ" ከምኑ ላይ? ከቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ መጀመሪያ 1,200፣ ቀጥሎ 1,100 እያለ ይወርዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ወለዱ 7,800 ነው። ከመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ ግን በየወሩ 1,200 ሆኖ 14,400 ይደርሳል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ውሉ ይህን ካልለየ ሁለቱም ወገን የሚመቸውን ያነባል። (በሕግ የወለድ ጣሪያ የተቀመጠበት አገር ብዙ ነው፤ እሱንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።)

ልጁ አራት ወር ከፍሎ አቆመ። ከዋናው 80 ሺህ ቀርቷል። አጎት ቀጥታ ወንድሙ ዘንድ መሄድ ይችላል? መልሱ በዋስትናው ዓይነት ላይ ያርፋል። ወንድሙ ተራ ዋስ ከሆነ "መጀመሪያ ከልጁ ጠይቅ፣ ንብረቱንም እይ" ብሎ መከራከር ይችላል። ከተበዳሪው ጋር በአንድነት ኃላፊ ነኝ ብሎ ፈርሞ ከሆነ ግን ያ መከላከያ የለውም። አጎት ልጁን ሳይነካ ወንድሙን ሊከስ ይችላል። ለውጡን የሚያመጣው አንድ ሐረግ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሳያነበው ያልፋል።

ስንት ይክፈል? ውሉ "አንድ ክፍያ ከተቋረጠ ቀሪው በሙሉ ይጠየቃል" ካላለ፣ ለጊዜው የሚጠየቀው ቀኑ ያለፈው ብቻ ነው፤ ወለዱ ከቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበ፣ የአምስተኛው ወር 10 ሺህና 800 ወለዱ። ካለ ደግሞ 80 ሺው ከነወለዱ ይመጣል። ስለዚህ ዋስ ስትሆኑ ጣሪያ አስጽፉ። ወንድሙ "እስከ 60 ሺህ፣ ወለድን ጨምሮ" ብሎ ፈርሞ ቢሆን ከዚያ በላይ አይጠየቅም፤ ቀሪው የልጁ ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል። እኔ ጣሪያ የሌለው ዋስትና ለእናቴ ልጅም ቢሆን አልፈርምም።

ዋሱ የከፈለውን ከተበዳሪው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልገዋል። "ከዘመድ ደረሰኝ መቀበል ነውር ነው" የሚለውን እርሱት። በባንክ አስተላልፉ፣ ለማን ዕዳ እንደከፈላችሁም ምክንያቱ ላይ ጻፉ።

ደግሞ አጎት ሲያዝን "እሺ፣ ሦስት ወር ጨምሬልሃለሁ" ሊል ይችላል፤ ዋሱ ሳይሰማ። ያኔ ዋሱ "እኔ የፈረምኩት ለመጀመሪያው ጊዜ ነው" ይላል፤ ክርክሩም የሚያሸንፍበት አገር አለ። ቀኑ ከተቀየረ አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ ሦስቱም ይፈርሙበት። ዋሱም ክፍያ በተቋረጠ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲነገረው ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ያስገባ።